ከጥቁሩ ቀለም ሥር

ሚጢ ደብተሩን ወደ መስኮቱ አዘነበለችው፤ መልሳ ቀና አደረገችው፤ እንደገና አዘነበለችው። ቃሉ ወይ ፍንክች! ከ«ሽንኩርቱን» ቀጥሎ አንድ የደበዘዘ ነገር አለ። ቀለሙ ጠፍቶ፣ ወረቀቱ ላይ እንደ ጭረት የመሰለ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

«እማዬ፣ እማማ ለምስር ስንት ሽንኩርት ነበር የምትከትፈው?»

እናቷ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና አላለችም። የሰው ዩኒፎርም ኮሌታ ይዛለች። «እኔ ምኑን አውቄ? እኔን መቼ ወጥ ቤት አስገብታኝ ታውቃለች! ሁለት በይና ጻፊው።»

«ሁለት ይሁን ሦስት አይታይም እኮ።»

«ማን ሊያውቅብሽ ነው? ዋናው እስከ እሑድ ማለቁ ነው።»

ሚጢ «ሁለት» ብላ ጻፈች። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ፣ እናቷን በቁመት በልጣም አሁንም ሚጢ ናት፤ ስሙን ያወጣችላት አያቷ ስለነበረች ማንም ሊቀይረው አልደፈረም። አያትየዋን ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ፣ የወለደቻቸው ልጆቿም ሳይቀሩ፣ እማማ ነበር የሚሏት። እማማ ከሞተች ጥቂት ወራት ሆኗታል። ዕቃዋን ሲከፋፈሉ የምግብ አሠራር ደብተሯ ለታላቋ ልጇ፣ ለአክስት ደረሰ። አክስት ከምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ተቀንሳ፣ የሕንፃ ሥራ ካለበት አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ ለቀን ሠራተኞች ምሳ ልትሸጥ ነው። ሰኞ ትጀምራለች፤ ደብተሩን እሑድ መጥታ ትወስዳለች። እስከዚያ ሚጢ ገልብጣ አንድ ቅጂ ለቤት ማስቀረት አለባት። በክፍሏ የእጅ ጽሑፏ የተመሰገነ ስለሆነ ሥራው እሷ ላይ መውደቁ የታወቀ ነበር።

የእማማ ደብተር ለዓመታት የኖረው ወጥ ቤት መስኮት አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነው። እማማ የዕለቱን ገጽ ገልጣ በልብስ መቆንጠጫ ትይዘውና እዚያው ትተወዋለች። ፀሐዩም እንፋሎቱም በተገለጠው ገጽ ላይ ሲወርድ ይውላል። ስለዚህ ማንም የማይወደው የጎመን ሾርባ ዛሬም እንደ አዲስ ይነበባል፤ ሁሉም ጣቱን ይልስበት የነበረው ምግብ ግን ቀለሙ ጠፍቶ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህን ስታስብ ሚጢን ንድድ ይላታል። ጎመኑን የት አባቱ ነበር ፀሐይ ላይ መስቀል!

ከጊዜ በኋላ ግን ዘዴውን አገኘችው። እማማ ስትጽፍ እስክሪብቶውን በርትታ ነበር የምትጫነው። ቀለሙ ቢጠፋም ጫፉ ወረቀቱ ላይ የቆፈረው መስመር አልጠፋም። ወረቀቱን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ሲያዩት መስመሩ ጥላ ይሠራል። ያም ካልሆነ ገጹን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ነው፤ ፊት የተቆፈረው ከኋላ አብጦ ይወጣል፣ በጣት ሲዳብሱትም ይታወቃል። እማማ ዘይቱና ቀለሙ እንዳይዘልቅ እያለች በገጽ ጀርባ ጽፋ አታውቅም፤ ስለዚህ ጀርባው ንጹሕ ነው። ያበጠው ጽሑፍ የሚታየው እንደ መስታወት ተገልብጦ ነው። ሚጢ በእናቷ ስልክ ፎቶ ታነሳውና ፎቶውን ታገላብጠዋለች፣ ጨለማና ብርሃኑን ታጎላዋለች፤ ያኔ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። በእርሳስ ላዩ ላይ ማጥቆር ቀላል ነበር፤ አንዴ ሞከረችና ወረቀቱ ተላጠባት። ከዚያ ወዲያ እርሳስ ለቅጂው ብቻ ሆነ፦ የተረጋገጠውን በእስክሪብቶ፣ ያጠራጠረውን በእርሳስ።

የምስሩን «ሁለት» ግን በእስክሪብቶ ነበር የጻፈችው። ደክሟት ነበር።

ደግነቱ ሁሉም ገጽ እንዲህ አያስለፋም። መሃል ላይ ያሉት ጥቂት ገጾች በጥቁር ማርከር፣ በትልልቅ ፊደል በላያቸው ተደግሞ ተጽፎባቸዋል። እዚያ ስትደርስ ሚጢ እፎይ አለች። የመጀመሪያውን ጥቁር ገጽ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ሳታቋርጥ ገለበጠችው። ቀጣዩ የቀይ ቦሎቄ ወጥ ነበር፦

«መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ። ቦሎቄውን ማታ ዘፍዝፊው። ጠዋት ከነውሃው ጣጂው። በለስላሳ እሳት ቀስ እያለ ይሙቅ። ሲለሰልስ አውጪው።»

ገልብጣ ጨረሰችና ገጹን ስትገልጥ ጣቷ ጀርባውን ዳሰሰ። ከልምድ ነው እንጂ ፈልጋ አልነበረም። ጣቷ ቆመ።

ጀርባው አብጧል። ማርከር ደግሞ ጫፉ ለስላሳ ነው፤ ወረቀት አይቆፍርም። እዚህም እዚያም ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከመዝለቁ በቀር ከኋላ የሚዳሰስ ነገር ሊኖረው አይችልም። በጣቷ የዳሰሰችው የድሮውን እስክሪብቶ ነው። እሱ ደግሞ ፊት ለፊት ካለው ይረዝማል፤ ፊት አምስት መስመር የማይሞላ ጽሑፍ፣ ጀርባው እስከ ገጹ ግርጌ ይወርዳል።

ሚጢ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ጎተተች። ፎቶውን አነሳች፣ አገላበጠች፣ አጎላች። አንዳንዱ ቃል አልወጣ አላት። እንዲህ ሲሆን የምታደርገው ሌላ ገጽ ላይ ያንኑ ቃል ፈልጋ ቅርጹን ማስተያየት ነው። «ድፊው» የሚለውን ከጎመን ሾርባው አገኘችው፤ ያ የማይረባ ጎመን እዚህ ጋ ጠቀማት። «እሳት» የሚለው ሁሉም ቦታ አለ። ቀስ በቀስ፣ አንድ ቃል በእርሳስ፣ አንድ ቃል በእስክሪብቶ፣ ይሄ ወጣ፦

«ጠዋት የዘፈዘፍሽበትን ውሃ ድፊው። በአዲስ ውሃ ጣጂው። መጀመሪያ በኃይለኛ እሳት ደህና አድርጎ ይንተክተክ፤ ከዚያ በኋላ ነው እሳቱን የምትቀንሺው። ይህን ከዘለልሽ ቢለሰልስም ያስመልሳል፣ ሆድ ይቆርጣል። ለልጆች አደራ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ክው አለች።

ያን ቀን ማንም አይረሳውም። እማማ ቦሎቄ ወጥ ሠርታ፣ ለሁሉም አቅርባ፣ እሷ እንደ ልማዷ ሁሉም በልተው እስኪጠግቡ ትጠብቅ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የሚጢ እናት ወደ ውጭ ሮጠች። ሚጢ ተከተለች። ታናሽ እህቷ ግን ከምንጣፉ ላይ መነሳት እንኳ አቃታት። ስታስመልስ ስታስመልስ ዓይኗ ተገለበጠ፤ ክሊኒክ ወስደው ግሉኮስ ተተከለላት። ሲመለሱ እማማ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እንደተጻፈው ነው የሠራሁት» አለች። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ደብተሩን እያየሁ ነው የሠራሁት።»

«ደብተሩን ተይው እስቲ!» አለች እናቷ። «በስተርጅና ደግሞ ውሸት! ከእንግዲህ ወጥ ቤት ድርሽ እንዳትዪ።»

ሚጢም ዝም አላለችም። ሆዷን ይዛ «እማማ፣ ልትገድይን ነው እንዴ?» አለቻት።

እናቷ ደብተሩን ከሚስማሩ አውርዳ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። እማማ ከዚያ በኋላ አልጋዋ ጫፍ ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጥ ነበር። ሽንኩርት ልላጥ ብትል እንኳ «ተይ፣ ዕረፊ» ይሏታል። ዕረፊ የሚለው ቃል ደግ ይመስላል። እስክትሞት ድረስ አሳረፏት።

ሚጢ ጥቁሩን ጽሑፍ እንደገና አየችው። ማርከሩ የራሷ ነበር። እማማ አንድ ቀን «ወፍራም የሚጽፍ ነገር የለሽም? ቀጭኑ አይታየኝም» ስትላት ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጥታታለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ ጨዋታ ላይ ነበረች። አሁን ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታያት። እማማ መርሳት ጀምራ ነበር። እንደምትረሳ ስለገባት የደበዘዘውን ልታድን ተነሳች። ቃሉ አልታይ ሲላት፣ ትዝም አልል ሲላት፣ የመሰላትን ሞላችበት። ከዚያ በጻፈችው አምና ሠራች። አልዋሸችም። ማንም ግን ያመናት አልነበረም።

ሚጢ ላጲስ አነሳች። የምስሩ «ሁለት» በላጲስ አይለቅም፤ በእስክሪብቶ ነው። ሰርዛው በላዩ «አይነበብም» ብላ ጻፈች፤ እንባዋም ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

እናቷ የስፌት መኪናውን አቆመች። «ምን ሆንሽ?»

ሚጢ አሳየቻት። ፎቶውን፣ ጀርባውን፣ ጥቁሩን። የእናቷን ጣት ይዛ ያበጠው ላይ አስኬደችላት። እናቷ መቀሱን አንስታ ክር መቁረጥ ጀመረች፤ የሚቆረጥ ክር ግን አልነበረም።

«ስንት ገጽ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ገና ሁሉንም አላየሁም። አንዱን ሳላስተያይ ገልብጬዋለሁ፤ እሱንም እንደገና አያለሁ።»

«ትክክለኛውን አውጥተሽ ቅጂው ላይ ጻፊ። ጥቁሮቹን ገጾች ደግሞ አውጪያቸው። ደብተሩን የያዘውን ሽቦ ነቅለሽ በቀስታ ነው፤ እንደተገነጠለ እንዳይታወቅ።»

«እንዴ፣ ለምን?»

«ለምን ትላለች እንዴ!» ድምጿ ከፍ አለ፤ ወዲያው ወረደ። «አክስትሽ እሑድ እሑድ ስትደውል ምን እላት እንደነበር ሰምተሻል። ‹እማማ ደህና ናት፤ አሁን ተኝታ ነው።› ሁልጊዜ ተኝታ ነው። ምን ልበላት? ስሜ ጠፍቷታል ልበላት? ፋብሪካውን ጥላ ትመጣና ትባረራለች ብዬ... አልቀረላትም፣ ያው ተባረረች። አሁን ታማ ነበር ብትሰማ፣ እኔ ሳልነግራት እናቷ ሞተች ማለት ነው። እዚህ ቤት ደግማ ድርሽ አትልም።»

«ቦሎቄውን እንዲህ ብትሠራውስ? ሰው ነው የምታበላው።»

«ትክክለኛውን ቅጂ አብረን እንሰጣታለን። ማንም አይታመምም። የቀረው ግን ሆድ ይፍጀው፣ ሚጢ። እባክሽ።»

እናቷ እባክሽ ብላት አታውቅም። ሚጢ ደብተሩን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች።

እስከ እሑድ ጥቁሮቹን ገጾች አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ከደብተሩ አልነቀለቻቸውም፤ ከጥቁሩ ሥር ያለውን ጽሑፍ ነው ያወጣችው። ሽቦውን ግን ሁለት ጊዜ በመቀስ ጫፍ ሞክራዋለች። አንዱ ጥርሱ ቀና ብሎ ነበር፤ መልሳ ደፈጠጠችው። እንዲህ እያለች ቅዳሜን አሳለፈች። አንዳንዱ ጥቁር ገጽ ትክክል ነበር፣ ቃል በቃል። አንዳንዱ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ ይገባል። ቂጣው ላይ ዱቄት የሚባል ነገር የለም። የመጨረሻው ጥቁር ገጽ ላይ እማማ «መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» ብላ ጀምራ፣ በሚቀጥለው መስመር «እጅሽን ታጠቢ» ብላ፣ ከዚያ በታች ያንኑ ደግማ ደጋግማ ነበር የጻፈችው።

እሑድ አክስት ገና ከበሩ ጀምሮ እያወራች ገባች። «ወይ ጉድ፣ ያ ደላላ ክፍሏን ሲያሳየኝ ሰፊ ናት ብሎኝ፣ ድስቱ ሲገባ እኔ መውጣት አለብኝ እኮ!» ሚጢን አገላብጣ ሳመቻት። «አንቺ ልጅ፣ ጣሪያውን ልትነኪው ነው? ሚጢ ተብሎ ቀረ በቃ?»

እናቷ ፈገግ አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። የሚሰፋ ስለነበራት አይደለም።

ሚጢ ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣች። እናቷ የመኪናውን ፔዳል ሳትረግጥ እያየቻት ነው። ደብተሩ ሙሉ ነበር፤ ከውፍረቱ ያስታውቃል። እናቷ አየችው፤ ዓይኗን ወደ ጨርቁ መለሰች።

አክስት ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰካች። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ስትገልጥ ዓይኗን አጨንቁራ «ኧረ ምኑም አይታየኝ!» አለች። ከዚያ መሃል ላይ ደረሰች። እጇ አፏ ላይ ሄደ።

«እናቴን! እይውማ... ለእኔ ነው እኮ። ዓይኔ እንደደከመ ነግሬያት ነበር፤ በስልክ። በላዩ በትልቁ ጻፈችልኝ!» እንባዋ በመነጽሩ ሥር ወረደ፣ እየሳቀች። «ሳልጠይቃት! እኔ እኮ ረስታኛለች ብዬ፣ ስደውል ሁሉ ተኝታለች እየተባልኩ፣ ተቀይማኝ ነው ብዬ... ለካ ቁጭ ብላ ይሄን ስትጽፍልኝ ነው።»

ሚጢ ይሄን አላሰበችውም ነበር። ስለ ቦሎቄው መንገር ቀላል ነው፤ ቅጂውን ሰጥቶ «በዚህ ሥሪ» ማለት ይበቃል። አሁን ግን የምትነጥቃት የምግብ አሠራር አይደለም። አክስት ከእናቷ የቀረላትን ብቸኛ ስጦታ ነው። ቅጂውን አቀብላ ስለ እማማ መርሳት ዝም ብትልስ? ማንም አይታመምም። አክስት በዚህ ተደስታ ትኖራለች። እናቷም ታርፋለች።

ታርፋለች። ቃሉ ሚጢን ጎረበጣት። እማማ በሩ ላይ ቆማ «እንደተጻፈው ነው የሠራሁት» ስትል ታያት። አሁን ዝም ከተባለ፣ ለዘላለም በስተርጅና የዋሸች ሆና ትቀራለች።

«አክስቴ» አለች። «በጥቁሩ እንዳትሠሪበት።»

«ምነው?»

«ተሳስቷል። እማማ... መርሳት ጀምራ ነበር። የጠፋውን ቃል የመሰላትን ነው የሞላችው። ቦሎቄውን በዚህ ሠርታ ሁላችንንም አሞን ነበር። እኛም ዋሸሽ አልናት። አልዋሸችም፤ እንደተጻፈው ነበር የሠራችው። ትክክለኛው ከሥሩ አለ፤ አውጥቼዋለሁ።»

የአክስት ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ደብተሩን አየች፣ ሚጢን አየች። መነጽሯን አወለቀች።

«መቼ ነው የጀመራት?»

ሚጢ ወደ እናቷ ላለማየት ጠረጴዛውን ያዘች። ማንንም ሳትነካ ልትናገር የምትችለው የራሷን ድርሻ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ለመጀመር ወሰነች። «ማርከሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ያኔ ጠይቄያት ቢሆን፣ አብሬያት ቁጭ ብዬ አነብላት ነበር። ያኔ ነው የጀ...»

«አይደለም» አለች እናቷ።

ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው ነበር። ኮሌታውን ከመርፌው ሥር አወጣችውና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ከዚያ በፊት ነው የጀመራት፣ እትዬ። ከዚያ በጣም በፊት። እኔ አውቅ ነበር።»

አክስት ደብተሩን ዘግታ ወደ እህቷ ዞረች።